«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካልን በኋላ ያሉት ሰማንያ ቀናት

በአገራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል መጀመሪያ የሚነገራት ቃል «እንኳን ደስ ያለሽ» አይደለም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። እኔም ለስንት አራስ ይህን ቃል ብያለሁ። ገንፎ በልቼ፣ እልል ብዬ፣ ሕፃኑን አይቼ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። «ማረችሽ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብዬ ያሰብኩት ግን ሴት ልጄ የመጀመሪያ ልጇን በወለደችበት በዚህ ክረምት ነው።

ልጄ ትዳሯ አዲስ ዓለም ነው። ከአዲስ አበባ በሆለታ በኩል ወደ አምቦ ሲኬድ አምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው፣ አጤ ምኒልክ በ1890ዎቹ መናገሻቸውን ሊያዛውሩባት አስበው የነበረችው ከተማ ናት። ንጉሡ ሐሳባቸውን ሲለውጡ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ለእመቤታችን ተሰጠ። ዛሬ ከኮረብታው ላይ የምናያት ደብረ ጽዮን ማርያም እሷ ናት። ልጄ ነፍሰ ጡር ሳለች ያገኛት ሁሉ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላት ነበር። እኔም ወሯ ሲገባ ጓዜን ጠቅልዬ ሄድኩ።

ምጡ ሁለት ሌሊት ፈጀ። ሰኔ 10 ቀን ረፋድ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ አለቀሰች፤ እኛም በር ላይ ሆነን እልል አልን። እልልታችን ግን ቸኩሎ ነበር። እንግዴ ልጁ አልወጣም።

በኋላ አዋላጇ እንዳስረዳችኝ እንግዴ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ይከተላል። ግማሽ ሰዓት አልፎት ካልወጣ ግን እንደ አደጋ ይቆጠራል። ማሕፀን ባዶ ሲሆን እንደ ጭብጥ ተጨብጦ የተከፈቱትን የደም ሥሮች ይዘጋል። በውስጡ የቀረ ነገር ካለ ግን መጨበጥ ያቅተዋል፤ ደሙም ይፈሳል። ረጅም ምጥ ደግሞ ማሕፀኑን ያደክመዋል። ልጄ ላይ ሁለቱም ተደራረቡ። ማሕፀን እንዲጨበጥ የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን የተባለውን መርፌ ወጓት፤ ሆዷን ከላይ አሹላት፤ ደሙ ግን አልቆመም። በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። እዚያ በማደንዘዣ እንግዴ ልጁ በእጅ ወጣላት፤ ሁለት ከረጢት ደምም ተሰጣት።

እኔ በዚያ ሰዓት ኮሪደር ላይ ተንበርክኬ ስለት ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ ልጄን ከማርሽልኝ በመጣው ሃያ አንድ ደጅሽ አምጥቻት ሰግዳ ታመሰግንሻለች፤ ጥላም አስገባለሁ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀኑን አልቆጠርኩም። የመጣው ሃያ አንድ የአሥራ ሁለት ቀን አራስ የምትሆንበት ቀን ነበር።

ማታ ላይ ዓይኗን ገልጣ «እማዬ» ስትለኝ ጠጋ ብዬ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ የምለውን ቃል የዚያን ዕለት ገና እንደተማርኩት ያህል ተሰማኝ። ማረ ማለት ይቅር አለ፣ አተረፈ ማለት ነው። ሞት የሚገባው ሰው ሲተርፍ ነው ተማረ የሚባለው። ይህን ቃል ያወጡልን እናቶች ምጥ ወዴት ወዴት እንደሚወስድ በሚገባ ያውቁ ነበር። ስለዚህም አራስን ሲያዩ ከሕፃኑ በፊት የእናቲቱን መትረፍ ያመሰግናሉ። አጭር ትሁን እንጂ ሙሉ የምስጋና ጸሎት ናት። መልሷም «አሜን፣ ማርያም ታኑርሽ» ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለስን። ስንወጣ አዋላጇ ለብቻዬ ጠርታ «እማማ፣ ቤት ሲገቡ የሚጠብቋት እርስዎ ነዎት» አለችኝና አራት ነገር ነገረችኝ። ጨርቋ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ከራሰ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላት፣ የሚወርዳት ፈሳሽ መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ራሷን አጥብቆ አሟት ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳንጠብቅ እንድናመጣት። «እሺ ልጄ» አልኳት። እውነቱን ልናገርና በግማሽ ልብ ነበር የሰማኋት። ማርያም ምራልኝ የለም እንዴ?

በአምስተኛው ቀን የጎረቤት ሴቶች ተሰበሰቡ። እዚያ አካባቢ የኦሮሞ እናቶች ይህን ቀን «ሸነን» ይሉታል፤ አምስተኛ ማለት ነው። አንዲት አሮጊት ጎረቤት አጠገቤ ተቀምጠው ሥርዓቱን ያስረዱኝ ነበር። እኛ ገንፎ የምንለውን እነሱ «ማርቃ» ይሉታል። በትልቅ ገበታ ይቀርባል፤ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤ ይሞላበታል። የወለዱ ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠው አራሷን በዜማ ያወድሷታል፤ ይመርቃሉ፤ «ማራም»ን ያመሰግናሉ። በቀደመው እምነት ማራም ወላድን የምትጠብቅ ናት። ዛሬ ብዙዎቹ ስሙን ሲጠሩ ማርያምን ያስባሉ። «ወንዶቹ ጦር ሜዳ ሄደው ሲመለሱ ይፎከርላቸው የለም?» አሉኝ እኚህ እናት። «ይሄ የእኛ ፉከራ ነው።»

ጾመ ሐዋርያት ስለነበር እኔ ከገንፎው ሳልቀምስ ሽሮዬን በላሁ። ለአራሷ ግን ቅቤውን አልከለከልንም። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ አራስ ጾም አትያዝም፤ የሚያጠባ ገላ ምግብ ይፈልጋልና። ያን ያህል ደም የፈሰሳት ደግሞ ከሌላው አራስ የበለጠ ያስፈልጋታል። ልጄ ግን ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ተወች። ሴቶቹ «ደክሟት ነው» አሉ። እኔም አልኩ።

በስምንተኛው ቀን ማታ ብርድ ብርድ አላት። ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠች፤ ግንባሯን ስነካው እሳት ነው። ሊጠይቁ ከመጡት አንዷ «ምች መቷታል፤ ሽታ ነክቷት ይሆናል» አሉ። ሌላዋ ዳማ ከሴ ሊያመጡ ወጡ። አንዷ ደግሞ እኔ የፈለግኩትን ቃል ተናገሩ፤ «ማርያም አንዴ ምራታለች፣ ምንም አትሆንም» አሉ። እኔም «ዝናብ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ይንጋና እናያለን» አልኩ። ያቺ ሌሊት እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

የነቃው አማቻችን ነው። ወደ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ልብሷን ስቀይር «ሽታው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ የአዋላጇ ቃል እንደ ደወል ጮኸብኝ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ ሽታ፤ ከአራቱ ሁለቱ ፊቴ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤት ቀስቅሰን መኪና አገኘን፤ በጭቃው ወጣን።

ሐኪሙ የነገረን ነገር ቀላል ነበር። ከእንግዴ ልጁ ትንሽ ቁራጭ ማሕፀን ውስጥ ቀርታ ነበር። እንግዴ ልጅ በእጅ ሲወጣ እንዲህ ያለ ነገር ሊያጋጥም ይችላል። የቀረችው ቁራጭ ትመረቅዛለች፤ ማሕፀኑም ይቆጣል። በጊዜ ከተደረሰበት ማሕፀኑ ይጸዳል፣ በደም ሥር መድኃኒት ይሰጣል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ይወርዳል። ከዘገየ ግን መርዙ በደም ይሠራጫል፤ ያኔ መመለሻው ከባድ ነው። «ምች ነው ብላችሁ ሁለት ቀን ብትይዟት ኖሮ» ብሎ ዝም አለ። የቀረውን እኔ ጨረስኩለት።

ሰኔ 20 ቀን በድጋሚ ወደ ቤት ገባን። ነገ ሃያ አንድ ነው። ስለቴ ደግሞ እንደ ዕዳ አንገቴ ላይ ታስሯል። ልጄ ከአልጋ ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል፤ ግድግዳ ይዛ ነው ሽንት ቤት የምትሄደው። እኔ ግን «ለማርያም የገባሁትን ቃል ባፈርስ ሌላ ነገር ቢመጣስ?» የሚል ፍርሃት ያዘኝ። በጋሪም ቢሆን፣ ደግፈናትም ቢሆን እስከ ቅጥሩ እናድርሳት ብዬ ተነሳሁ። ልጄ ራሷ «እማዬ ካልሽ እሄዳለሁ» አለችኝ። እምቢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

የንስሐ አባታቸው የዚያን ቀን ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው ነበር። ጨነቀኝና ነገርኳቸው።

«አባታችን፣ ስለት አለብኝ። ነገ ሰግዳ እንድታመሰግን ብያለሁ።»

«ማን ነው የተሳለው?» አሉኝ።

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያ የተሳለ ይሰግዳል። በሰው ጉልበት ስለት አይከፈልም፣ ልጄ። ደግሞም እሷ የሴት ልጅ አራስ ናት፤ ቀኗ ሰማንያ ነው። ከዚያ በፊት ቤተ መቅደስ ግቢ ያላት የለም፤ ስገጂ ያላትም የለም። አንቺ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀድመሽ የት ልትወስጃት ነው?»

ቀጥለው የቀኖቹን ቁጥር አስረዱኝ። የወንድ ልጅ እናት 40፣ የሴት ልጅ እናት 80 ቀን የምትቆየው ከኦሪት ዘሌዋውያን በወረደው ሥርዓት ነው። ለወንድ 7 ቀንና 33 ቀን ተደምሮ 40፣ ለሴት 14 ቀንና 66 ቀን ተደምሮ 80 ይሆናል። እመቤታችን ራሷም ጌታን ወልዳ ይህን ቀን ጠብቃ ነው ወደ ቤተ መቅደስ የሄደችው፤ መሥዋዕቷም የድኻ መሥዋዕት ነበር። «እሷ የጠበቀችውን ቀን ያንቺ ልጅ ብትጠብቅ ማርያም ትቀየማለች?» አሉኝ። ሕፃኗ ብትታመምና ብታሰጋ ቀኑ ሳይሞላ ሌላ ሰው ይዟት ሄዶ እንደምትጠመቅም ነገሩኝ። እናቲቱ ግን አትቸኩልም።

ከዚያ አራሷ ባለችበት ቆመው ጸሎት አደረሱ፤ አባታችን ሆይ አልን፤ ጠበሉን ረጩ። ልጄ ተቀምጣ «አሜን» አለች። የእሷ የዚያን ቀን ምስጋና ይኸው ነበር።

በነጋታው ሰኔ 21 እኔ ብቻዬን ወጣሁ። ዝናቡ ሲያካፋ አደረ፤ ዳገቱ ያንሸራትታል። ጥላዬን አስገባሁ፤ ጉልበቴ እንደቻለ ሰገድኩ። ስሰግድ ለምስጋና ብቻ አልነበረም፤ ስለ ስምንተኛው ቀን ሌሊት ይቅርታም ጠየቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በሌላ ዓይን ነው ያየኋቸው። ለካ ሥርዓቱ ራሱ ጠባቂ ነው። አርባ ቀን ስድስት ሳምንት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ሰማንያ ቀን ደግሞ አሥራ አንድ ሳምንት ተኩል ገደማ ይሆናል። የጤና ባለሙያዎች ወላድ እናትን የመጨረሻ ጊዜ የሚያዩዋት በስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ከዚያ በፊት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ እንዲሁም በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ መታየት አለባት። የደም ማነስ መድኃኒት የሆነው የብረት እንክብልም ከወሊድ በኋላ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት የሚወሰድ ነው። አያቶቻችን «አራስ ናት፣ አትነሳ» ሲሉ ያስቀመጡት አጥር ሐኪሙ ከሚያስቀምጠው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል።

አጥሩ የሚከፈተው እኛ አራስ ቤቱን የእንግዳ ቤት ስናደርገው ነው። ያንን እንክብል ልጄ የምትውጠው ከቁርስ በኋላ ነበር፤ ወዲያው ቡና ይፈላል። ነርሷ ይህን ስትሰማ ሣቀች። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለያዩ አለችን። ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ቢወሰድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። ሰገራ ቢያጠቁር አትደንግጡ ተባልን። ቡናውን ወደ ከሰዓት አዛወርነው። አራሷ ስትተኛ ጠያቂ ሳሎን እንዲቀመጥ አደረግን። አንዳንዱ ሰው ቅር ሳይለው አልቀረም።

ስድስተኛው ሳምንት የሞላው ሐምሌ 21 ቀን ነው። አጋጣሚው የማርያም ቀን ሆነ። ያን ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ደሟ ተለካ፤ ከፍ ብሏል፤ ገና ግን አልሞላም። እንክብሉን ቀጥይ ተባለች። ግድግዳ ሳትይዝ ነው ገብታ የወጣችው።

ሰማንያው ቀን ነሐሴ 29 ላይ ዋለ። ገና ሳይነጋ ተነሳን። ዳገቱን ልጄ በራሷ እግር ወጣችው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ አረፍ አለች። ክርስትና ቤቱ ጋ ስንደርስ ሕፃኗ በክርስትና እናቷ እጅ ነበረች። ካህኑ ግን መጀመሪያ የጠሩት እናቲቱን ነው። ክርስትና የልጅ ቀን ነው ብዬ ለምኖር ለእኔ ይህ አዲስ ሆነብኝ። ከጥምቀቱ በፊት ለእናቲቱ የሚደርስ ጸሎት አለ። ከወሊድ ያተረፋትን አምላክ ያመሰግናል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ቅዱስ ቁርባን እንድትመለስም ይለምናል። ጸሎቱ በግዕዝ ነውና ቃል በቃል አልተከተልኩትም። ልጄ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ አንገቷን ደፍታ ቆማ ስትሰማ ግን ጸሎቱ ስለ ማን እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ ክርስትና እናቷ ስለ ሕፃኗ ሰይጣንን ካደች፤ ሃይማኖቷን መሰከረች። ሕፃኗ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ገብታ ወጣች፤ በኃይል አለቀሰች፤ ሜሮን ተቀባች፤ ማዕተብ ታሰረላት። ቅዳሴው ውስጥ እናትና ልጅ አብረው ቆረቡ። ጸሎተ አኰቴት የሚባለው የምስጋና ጸሎት በየቅዳሴው ይጸለያል፤ እስከዚህች ሰዓት ስለደረስን የሚቀርብ ምስጋና ነው። ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። የዚያን ዕለት «እስከዚህች ሰዓት» የሚለው ቃል በሰማንያ ቀን ተቆጠረልኝ።

ስንወጣ ልጄ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆመች። ወደ ቤተ መቅደሱ ዞራ አንድ ጊዜ ሰገደች። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አልደገፋትም። ቤት ስንደርስ ድፎ ዳቦው ተቆረሰ። እነዚያ የሸነን ቀን የመጡት ጎረቤት ገቡና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት እንደገና።

«አሜን፣ ማርያም ታኑርልኝ» አለች ልጄ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እማዬ፣ ሲጠብቁኝ የነበሩትም ይኑሩልኝ» አለች።

እኔ ዛሬም አራስ ጥየቃ ስሄድ ያንኑ ቃል እላለሁ። ካልኩ በኋላ ግን አያቲቱን ለብቻቸው ጠራ አድርጌ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «ትኩሳት የላትም? ሲወልዱ የነገሯችሁን ምልክት ታስታውሳላችሁ?» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ «ምን አገባሽ» በሚል ዓይን ያዩኛል። ገንፎዬን በልቼ፣ መርቄ እወጣለሁ። ካስታወሱ ግን ያቺ ጥያቄ ከምርቃቴ ጋር ትቆጠርልኝ።